ሥራ አስኪያጁ «ጸድቋል» ብለው የሚመሩበት አንድ ገጽ

«ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የዕቅድና ጥናት ባለሙያ ነኝ። ከስንዴው የሚወጣው ዱቄት ለምን እንደቀነሰ አጥንተን 38 ገጽ ሪፖርት አቀረብን። ከፊቱ ሦስት ገጽ ማጠቃለያ አለው። ዋና ሥራ አስኪያጃችን የሳምንቱን ግማሽ ደሴ ባለው ቢሮ ስለሚያሳልፉ ፋታ የላቸውም። ሪፖርቱ ‹ለጥገና ክፍል፣ ተነጋገሩበት› ተብሎ ተመርቶ ተመለሰ። ጥገና ክፍል ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። አሁን በአንድ ገጽ አድርጌ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ማጠቃለያውንና ዋና ዋና ቁጥሮቹን አያይዣለሁ። ምኑን ላስቀድም? ምኑን ልተው?»
— ከኮምቦልቻ

ውድ ጠያቂያችን፣

የላኩልንን ማጠቃለያ አነበብነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ፋብሪካው አመሠራረትና ስለ ጥናቱ ዓላማ ይናገራል። ሁለተኛው ገጽ ናሙና እንዴት እንደተወሰደ ያብራራል። ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው ሦስተኛው ገጽ መሐል ላይ ነው። ጥያቄው ደግሞ የመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ተቀምጧል፦ «አመራሩ ለጉዳዩ ልዩ ትኩረት ሰጥቶ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ እንጠይቃለን»። ይህን ያነበበ ኃላፊ የሚፈርምበት ነገር አያገኝም። ስለ ማሽን የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ደርሶታልና ማሽን ወደሚያውቀው ክፍል ይመራዋል። ማጠቃለያው በዚያ መልክ እስከተጻፈ ድረስ ከዚያ የተለየ ምሪት መጠበቅ አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ከምሪቱ ይነሱ። ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ሥራ አስኪያጁ ገጹ ጠርዝ ላይ እንዲጽፉ የሚፈልጉትን ምሪት በወረቀት ላይ ራስዎ ይጻፉት። ጥናታችሁ ዋናው ችግር ስንዴውን የሚሰብሩት ሮለሮች ጥርስ ማለቁ እንደሆነና እንደገና ለማስወጣት 1.6 ሚሊዮን ብር እንደሚፈጅ ስለሚገልጽ በእርስዎ ጉዳይ ምሪቱ እንዲህ ይመስላል፦ «ጸድቋል። ፋይናንስ 1.6 ሚሊዮን ብር ከጥገና በጀት ይክፈል፤ ጥገና ከኅዳር 22 ጀምሮ ይፈጽም»። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ሥጋት ለመጻፍ ምን ማወቅ እንዳለበት ይጠይቁ። ገጹ ላይ የሚገባው ያ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የማይገናኝ ነገር፣ የቱንም ያህል ቢለፋበት፣ ሪፖርቱ ውስጥ ይቆይ።

ጥሩ የውሳኔ ጥያቄ አምስት ነገር ይዟል፦ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ መወሰን እንዳለበት። ከአምስቱ አንዱ ሲጎድል ወረቀቱ ይመለሳል፤ የሚመለስበት ቦታም የጎደለውን ይነግርዎታል። በጀቱ ካልተጠቀሰ «ፋይናንስ አስተያየት ይስጥበት» ተብሎ ይመራል። ፈጻሚው ካልተጠቀሰ «ተነጋገሩበት» ይባላል። ቀኑ ካልተጠቀሰ ደግሞ ጭራሽ ሳይመራ ፋይል ውስጥ ይከርማል። የተለመደው የደብዳቤ አጻጻፋችን እዚህ ላይ ይረዳዎታል። «ጉዳዩ፡-» የሚለው መስመር ከሁሉ በፊት የሚነበብ ነው፤ እርስዎ ግን «የጥናት ውጤት ስለማሳወቅ» ብለውበታል። እሱን የውሳኔው መስመር ያድርጉት። «የመስበሪያ ሮለሮችን ጥርስ ለማስወጣት እስከ ኅዳር 15 ውሳኔ ስለመጠየቅ» ቢሉ ሥራ አስኪያጁ መኪና ውስጥ ሆነው ሌላውን ባያነቡት እንኳ ምን እንደተጠየቁና እስከ መቼ እንደሆነ ያውቃሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ሥራ ነው። ሪፖርትዎ 11 የመፍትሔ ሐሳቦች ዘርዝሯል። ሁሉም ወደ አንድ ገጽ ከገቡ ሁሉም ይዘገያሉ፤ አንዱ ያጠራጠራቸው ኃላፊ ወረቀቱን እንዳለ ያስቀምጡታልና። ስለዚህ 11ዱን ለሦስት ይክፈሏቸው፦ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ የግድ የሚያስፈልጋቸው፣ የክፍል ኃላፊ በራሱ ሥልጣን ሊፈጽማቸው የሚችሉና ጊዜ የሚሰጡ። እንደላኩልን ማስታወሻ ከሆነ ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት የሚረጥብበትን አሠራር ማስተካከልና የእርጥበት መለኪያ መግዛት በምርት ክፍሉ ኃላፊ ሥልጣን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ይጀመርና ገጹ ላይ «ተጀምሯል» ተብሎ በአንድ መስመር ይጠቀስ። የስንዴ አቅራቢዎች ውል ማሻሻያው ከአዲሱ ምርት ግዢ ጋር የሚመጣ ነውና ለብቻው ይቅረብ። የሥራ አስኪያጁን ፊርማ የሚጠብቁት ሁለት ብቻ ሆነው ይቀራሉ፦ ሮለሮቹ ተፈተው ጥርሳቸው እንደገና እንዲወጣ ገንዘብ መፍቀድና ለዚሁ ሥራ ፋብሪካውን ማቆም። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ገንዘቡ ተፈቅዶ ማቆሙ ካልተፈቀደ ጥገና ክፍሉ ከምርት ክፍሉ ጋር ሲከራከር ወሩ ያልቃል።

(ወጪው ከሥራ አስኪያጁ የመፍቀድ ጣሪያ በላይ ከሆነ ጥያቄው ይቀየራል። ያኔ «ይፈቀድ» ሳይሆን «በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ እንዲቀርብ ይታዘዝ» ይላል፤ የስብሰባው ቀንም ይጠቀሳል። የማይችሉትን መጠየቅ ወረቀቱን ያለ መልስ ያስቀረዋል።)

አሁን ወደ ግኝቱ እንምጣ። ማጠቃለያዎ «የዱቄት ምርት በ4 ከመቶ ቀንሷል» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ የቀነሰው ከ76 ከመቶ ወደ 72 ከመቶ ነው፤ ይህ ከስንዴው አንጻር 4 ነጥብ ቢሆንም ከቀድሞው ዱቄት አንጻር ከ5 ከመቶ በላይ ነው። ፋይናንስ ክፍሉ በሁለተኛው መንገድ አስልቶ ሌላ ቁጥር ሲያመጣ ክርክሩ ስለ ሮለር መሆኑ ቀርቶ ስለ ሒሳብ ይሆናል። ሁለተኛ፣ 4 ከመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። እንዲህ ብለው ይጻፉት፦ «ከ100 ኩንታል ስንዴ 76 ኩንታል ዱቄት እናወጣ ነበር፤ አሁን 72 እናወጣለን»። ከዚያ ወደ ፋብሪካው የቀን ሥራ ይውሰዱት። በቀን 600 ኩንታል ስንዴ ስለምትፈጩ በየቀኑ 24 ኩንታል ዱቄት መሆን የነበረበት ከፉርሽካው ጋር እየወጣ ነው። በወር 25 የሥራ ቀን ሲታሰብ 600 ኩንታል ይሆናል። እርስዎ በተጠቀሙበት ስሌት የአንድ ኩንታል ዱቄት ዋጋ ከፉርሽካው በ4,000 ብር ስለሚበልጥ በወር 2.4 ሚሊዮን ብር ይታጣል። ገጹ ላይ መውጣት ያለበት ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንባቢው በስልኩ ካልኩሌተር ሊያረጋግጠው በሚችል አንድ መስመር ይቀመጥ፦ 24 × 25 × 4,000። ኃላፊው ራሳቸው አባዝተው ያገኙትን ቁጥር ያምኑታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሒሳቡ የተሠራው በዱቄትና በፉርሽካ ዋጋ ልዩነት እንጂ በዱቄቱ ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ ያልወጣው ዱቄት ፉርሽካ ሆኖ ተሽጧልና። ሪፖርቱ ገጽ 17 ላይ ግን በሙሉው ዋጋ ተሠልቶ የተጋነነ ቁጥር ሰፍሯል። ማጠቃለያውን ከማቅረብዎ በፊት ያንን ገጽ ያስተካክሉ። ማጠቃለያውና ሪፖርቱ በአንድ ቁጥር እንኳ ከተለያዩ ያንን ያየ ሰው ቀሪዎቹን ቁጥሮችም ይጠራጠራቸዋል።

ምክንያቶቹን ሦስት አድርጋችኋል፤ መጠናቸውም ተለይቷል። ከ24ቱ ኩንታል ወደ 14 የሚሆነው የመስበሪያ ሮለሮቹ ጥርስ በማለቁ፣ 7ቱ ስንዴው በቂ ውሃ ሳይጠጣ በመፈጨቱ፣ ቀሪው 3 በስንዴው ጥራት ምክንያት የሚታጣ ነው። ይህ በጣም ጠቃሚ ክፍፍል ስለሆነ ገጹ ላይ ይግባ። የሚጎድለው የማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ ሦስቱም ቁጥሮች እኩል እርግጠኛ እንደሆኑ ተደርገው ነው የተጻፉት። የውሃውን ጉዳይ ሞክራችሁታል፦ ስንዴው በ13 ከመቶ እርጥበት መግባቱ ቀርቶ ወደ 15.5 ከመቶ ሲደርስ ለሦስት ቀን የዱቄቱ መጠን ወደ 73.2 ከመቶ ከፍ ብሏል። ይህ የተለካ ነው። የሮለሮቹ ግን ግምት ነው። ከመጀመሪያው መስበሪያ በኋላ በወንፊት የሚያልፈውን መጠን ከአምራቹ ማንዋል ጋር አነጻጽራችሁ የደረሳችሁበት ነው፤ አዲስ ጥርስ ባለው ሮለር አልሞከራችሁም።

ብዙ ባለሙያ ይህን ልዩነት መጻፍ ወረቀቱን ያደክመዋል ብሎ ይሸሽገዋል። ከዚያ የጥገና ኃላፊው በስብሰባ ላይ «14 የሚለው ከየት መጣ?» ሲሉ ጉዳዩ ሁሉ ይፈርሳል። እርግጠኛ ያልሆኑበትን መጠን ራስዎ ቀድመው ይናገሩ፤ ወዲያው ደግሞ ጥርጣሬው ውሳኔውን ይለውጥ እንደሆነ ያሳዩ። ሥራ አስኪያጁን የሚያሳስባቸው ይኸው ሁለተኛው ነው። ግምታችሁ ከ10 እስከ 16 ኩንታል ነው ብለዋል። ዝቅተኛውን እንውሰድ፦ 10 × 25 × 4,000 በወር 1 ሚሊዮን ብር ነው። ጠቅላላ ወጪው 2.5 ሚሊዮን ብር ስለሆነ በዝቅተኛው ግምት እንኳ በሁለት ወር ተኩል ይመለሳል። «ግምቱ ዝቅተኛው ቢሆንም ወጪው በሁለት ወር ተኩል ይመለሳል» የምትለው አንዲት መስመር ከአምስት ገጽ የናሙና ማብራሪያ ይልቅ ታሳምናለች።

2.5 ሚሊዮን ብር ያልነው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ ይሆናል፤ ማጠቃለያዎ የሚለው 1.6 ሚሊዮን ነውና። ልዩነቱ ፋብሪካው የሚቆምባቸው ቀናት ናቸው። ሮለሮቹ ተፈተው፣ ተጭነው፣ ጥርስ ወጥቶላቸው፣ ተመልሰው እስኪገጠሙ 6 ቀን ይፈጃል ብለዋል። ፋይናንስ ክፍሉ የአንድ ቀን ትርፍ 150,000 ብር ገደማ ነው ካለ 6 ቀን ማለት 900,000 ብር ነው። ይህን ወጪ እርስዎ ካልጻፉት ሌላ ሰው ያነሳዋል፤ ያኔ የተደበቀ ይመስላል።

በአማራጮቹም ላይ ተመሳሳይ ጉድለት አለ። ሪፖርቱ አዲስ ሮለሮች ገዝቶ መለወጥን እንደ አማራጭ አቅርቦ ዋጋው 5.2 ሚሊዮን ብር፣ ማቆሚያው ግን አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ይገልጻል። እንዲህ ሲቀርብ «ውድ ነው፤ ግን ሥራ አያስቆምም» ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ እስኪደርስ 5 ወር ይፈጃል፤ በእነዚያ 5 ወራት በየወሩ 1.4 ሚሊዮን ብር ይታጣል። 7 ሚሊዮን የመጠበቂያ ኪሳራ ሲደመርበት አማራጩ ከ12 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። «ምንም አለማድረግ» የሚለውም እንደ አማራጭ ይጻፍ፤ ዋጋ የሌለው ምርጫ እንዳልሆነ የሚታየው ከሌሎቹ ጎን በቁጥር ሲቀመጥ ነው። ሦስት አማራጭ ይበቃል። አራተኛና አምስተኛ ከተጨመረ አንባቢው ማወዳደር ትቶ ማንበብ ይጀምራል፤ ገጹም ይሞላል።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ ገጹ እናምጣው። ቁጥሮቹ እርስዎ የላኳቸው ናቸው፤ የሂሳብ ክፍሉ ካስተካከላቸው ይቀይሯቸው።

ለ፡ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከ፡ ዕቅድና ጥናት ክፍል
ቀን፡ ኅዳር 5
ጉዳዩ፡- የመስበሪያ ሮለሮችን ጥርስ ለማስወጣት እስከ ኅዳር 15 ውሳኔ ስለመጠየቅ

የሚጠየቀው ውሳኔ
1. የአራት ጥንድ መስበሪያ ሮለሮች ጥርስ እንደገና እንዲወጣ 1.6 ሚሊዮን ብር ከጥገና በጀት እንዲፈቀድ። ፈጻሚ፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ።
2. ለዚሁ ሥራ ፋብሪካው ከኅዳር 22 እስከ 27 ለ6 ቀን እንዲቆም። ፈጻሚ፦ የምርት ክፍል ኃላፊ።

ያገኘነው
ከ100 ኩንታል ስንዴ 76 ኩንታል ዱቄት እናወጣ ነበር፤ አሁን 72 እናወጣለን። በዚህ ምክንያት በወር 2.4 ሚሊዮን ብር እናጣለን (24 ኩንታል × 25 ቀን × 4,000 ብር የዋጋ ልዩነት)።
የሮለሮቹ ጥርስ ማለቅ፦ በቀን 14 ኩንታል፣ በወር 1.4 ሚሊዮን ብር (ግምት፤ ገጽ 21)።
የስንዴው እርጥበት ማነስ፦ በቀን 7 ኩንታል፣ በወር 700,000 ብር (በሙከራ የተለካ፤ ገጽ 25)። ማስተካከያው በምርት ክፍል ተጀምሯል።
የስንዴው ጥራት፦ በቀን 3 ኩንታል፣ በወር 300,000 ብር (ግምት፤ ገጽ 29)። ከአዲሱ ግዢ ውል ጋር ለብቻው ይቀርባል።

አማራጮች
ሀ. ጥርስ ማስወጣት፦ ሥራው 1.6፣ የ6 ቀን ማቆሚያ 0.9፣ በድምሩ 2.5 ሚሊዮን ብር። በሁለት ወር ውስጥ ይመለሳል።
ለ. አዲስ መግዛት፦ ዕቃው 5.2፣ የአንድ ቀን ማቆሚያ 0.15፣ የ5 ወር መጠበቂያ ኪሳራ 7፣ በድምሩ 12.35 ሚሊዮን ብር።
ሐ. እንዳለ መቀጠል፦ በወር 1.4 ሚሊዮን ብር ማጣት።
የምንመክረው «ሀ»ን ነው።

ለምን እስከ ኅዳር 15
አዲሱ ስንዴ ከታኅሣሥ ጀምሮ መግባት ስለሚጀምር ፋብሪካውን በርካሽ ማቆም የሚቻለው አሁን ነው። ውሳኔው ከዚህ ቀን ካለፈ ማቆሚያው ሥራ በሚበዛበት ወቅት ላይ ይወድቃል።

ያላረጋገጥነው
የሮለሮቹ ድርሻ ከ10 እስከ 16 ኩንታል ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛው ቢሆንም ወጪው በሁለት ወር ተኩል ይመለሳል።

ከጥገና፣ ከምርትና ከፋይናንስ ክፍሎች ጋር ተናበናል።

የሥራ አስኪያጅ ውሳኔ፦ ........................................

ይህ በኒያላ ፊደል በ12 መጠን አንድ ኤፎር ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ከታችም ለምሪት ቦታ ይተርፋል። ያንን ባዶ ቦታ አይሙሉት። ጠርዙ ጠባብ ሲሆን ምሪቱ በጀርባ ይጻፋል፤ በጀርባ የተጻፈ ምሪት ደግሞ ኮፒ ሲደረግ ይቀራል። ጽሑፉ አልበቃ ካለ ፊደሉን ወደ 9 ማሳነስ ወይም ጠርዙን ማጥበብ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚበዛ ነገር እንዳለ ምልክት ነውና የሚወጣውን ይፈልጉ። መጀመሪያ የሚወጡት የፋብሪካው ታሪክ፣ የጥናቱ ዓላማ፣ የቡድኑ አባላት ዝርዝርና ምስጋናው ናቸው። የጥናቱ ዘዴ «ገጽ 21» በሚለው ማመላከቻ ተተክቷል፤ መረጃው ሙሉ በሙሉ የት እንዳለ ስለሚታወቅ ምንም አልጠፋም።

በማጠቃለያዎ መሐል የነበረውን ባለ ስምንት ዓምድ ሠንጠረዥ አውጥተነዋል። ሥራ አስኪያጁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ወረቀቱን በቴሌግራም በስልካቸው የሚያዩት ከሆነ ከሦስት ዓምድ በላይ ያለው ሠንጠረዥ አይነበብላቸውም። በዚሁ ምክንያት ፋይሉን በፒዲኤፍ ይላኩ፤ በዎርድ ከላኩት የእርስዎ ፊደል በሌለበት ስልክ ላይ መስመሮቹ ተሰባብረው አንዱ ገጽ ሁለት ይሆናል።

«ተናበናል» የምትለዋ መስመር ሐቅ መሆን አለባት። የፋይናንስ ኃላፊውን ስለ 150,000 ብሩና ስለ 4,000 ብሩ፣ የጥገና ኃላፊውን ስለ 6 ቀኑና ስለ 1.6 ሚሊዮኑ፣ የምርት ኃላፊውን ስለ ማቆሚያው ቀን አስቀድመው ያነጋግሩ። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ብቻ አይተው ቢስማሙ ይበቃል። የሚቃወም ካለ ተቃውሞውን አይደብቁት፤ «የምርት ክፍል ማቆሚያው በሁለት ዙር በሦስት በሦስት ቀን እንዲሆን ይፈልጋል» ብለው በአንድ መስመር ይጻፉት። ሥራ አስኪያጁ ልዩነቱን ከገጹ ላይ ካገኙት ራሳቸው ይወስናሉ፤ ከሌላ ሰው ከሰሙት ግን ወረቀቱን ይመልሱታል።

ከማቅረብዎ በፊት ጥናቱን የማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ከሽያጭ ወይም ከሰው ኃይል ክፍል፣ ገጹን ለሦስት ደቂቃ ያንብብልዎ። ከዚያ ወረቀቱን ይቀበሉትና አራት ነገር ይጠይቁት፦ ምን እንዲወሰን ነው የተጠየቀው? ስንት ይፈጃል? እስከ መቼ? ባይወሰን ምን ይሆናል? ያልመለሰው ጥያቄ የትኛው ክፍል እንደገና መጻፍ እንዳለበት ያሳይዎታል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁለተኛው ላይ ነው፤ 1.6፣ 2.5 እና 2.4 ሚሊዮን በአንድ ገጽ ላይ ስላሉ ይምታታሉ። እንዲህ ከሆነ የሚፈቀደውን 1.6 ሚሊዮን ብር በደማቅ ፊደል ያድርጉት፤ ሌላ ቁጥር አያድምቁ።

የሚቀርበው አንዱ ገጽ ከላይ ሆኖ ሪፖርቱ ከሥር ተያይዞ ነው። ገጽ 21፣ 25 እና 29 ላይ ወረቀት ለጥፈው ምልክት ያድርጉባቸው። ወረቀቱ ደሴ በሚደርስበት ሰዓት ስልክዎ ክፍት ይሁን፤ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይዘው ይጠብቁ፦ ጥርስ የሚያወጣው ወርክሾፕ ዋጋ የሰጠበት ሰነድ የት እንዳለ፣ ሮለሮቹ ባይመለሱ ወይም ቢዘገዩ ምን እንደሚደረግ፣ በጥገና በጀቱ ላይ ዛሬ ስንት ብር እንደቀረ። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው እስከዚያ ሳይጠብቁ ከጥገና ኃላፊው ጋር ዛሬውኑ ይነጋገሩበት። ወርክሾፑ በሁለት ቀን ቢዘገይ ተጨማሪው ኪሳራ 300,000 ብር ስለሆነ፣ ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር የማስረከቢያ ቀን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ።